ቁጥርሽ ልክ ነው፤ ያላወቀው ስምሽን ነው

ቆይ ቆይ፣ እጅሽን ከስልኩ ላይ አንሺልኝ። ያንን «ላክ» የሚል ቁልፍ አሥር ጊዜ ብትጫኚውም መልሱ አይቀየርም። እንዲያውም ብዙ ፖርታል ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ለጊዜው ስለሚዘጋ፣ አንድ የነበረው ችግርሽ ሁለት ይሆናል። ይልቅ የወጣውን መልእክት ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሹት አንሺው፤ በኋላ እንፈልገዋለን። አሁን ጠጋ በይና አብረን እንየው።

«የመታወቂያ ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ነው አይደል የሚልሽ? አትደንግጪ ሆዴ። እንዲህ ያለ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን በሌላ ላይ እያሳበበ ነው። ፖርታሉ የፋይዳ ቁጥርሽንና የጻፍሽውን ስም አንድ ላይ አድርጎ ያመሳክራል፤ አንዱ ካልገጠመ «አይዛመድም» የሚል መልስ ያገኛል። ፖርታሉን የሠሩት ልጆች ደግሞ የቱ እንዳልገጠመ ለይቶ ለመናገር አልተጨነቁም፤ ለሁሉም አንድ የስህተት መልእክት ጽፈው ሄደዋል። ስለዚህ ስም ሲሳሳት ቁጥር ይከሰሳል።

እንግዲያው መጀመሪያ ቁጥሩን ነጻ እናውጣው። የፋይዳ ወረቀቶችሽ ላይ ሦስት ዓይነት ቁጥር ታገኛለሽ፣ ሰውም እነሱን ያምታታል። የተመዘገብሽ ዕለት በተሰጠሽ ደረሰኝ ላይ ያለው ረጅሙ 29 አሃዝ የምዝገባ ቁጥር ነው፤ መታወቂያ ቁጥር አይደለም፣ ለአገልግሎት አይጻፍም። 12 አሃዙ የራስሽ ልዩ ቁጥር ነው፤ ፋይዳ ልዩ ቁጥር ወይም ፊን የሚሉት እሱን ነው። 16 አሃዙ ደግሞ ፋን የሚባለው ተለዋጭ ቁጥር ነው፤ ለሌላ ሰው ወይም ለተቋም ሲሰጥ ፊንሽ እንዳይዝረከረክ ተብሎ የተሠራ። ፖርታሉ የትኛውን እንደሚጠይቅ ሳጥኑ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፣ አሃዞቹን ቁጠሪ፣ ከሌላ ቦታ ገልብጠሽ ከለጠፍሽው በመካከሉ ክፍተት እንዳልገባ እዪ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀላል መለያ አለሽ። ቁጥሩን አስገብተሽ ስልክሽ ላይ የማረጋገጫ ኮድ መጣ ወይ? ያ ኦቲፒ የሚሉት ማለቴ ነው። ኮዱ የሚላከው ፋይዳ ስትመዘገቢ ወዳስመዘገብሽው ስልክ ነው፤ ስለዚህ ከመጣልሽ ቁጥርሽ ትክክል ነው፣ መዝገቡም አግኝቶሻል። ኮዱን አስገብተሽ ከዚያ በኋላ ከመለሰሽ፣ የሚጣላው ከስምሽ ወይም ከልደት ቀንሽ ጋር ነው። ልደቱን ቶሎ እንጨርሰው፤ ዲጂታል ካርድሽ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ተጽፏል፣ ፖርታሉ የሚፈልገውን አይተሽ እንዳለ ገልብጪ እንጂ በጣትሽ አታስዪ። ኮዱ ጭራሽ ካልመጣ ግን ያስመዘገብሽው ስልክ የድሮው ሲምሽ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ከስም በፊት የሚስተካከለው ስልክ ነው።

አሁን ወደ ስሙ። እዚህ ላይ ረጋ እንበል፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ኮምፒውተር ስምሽን አይሰማውም፤ ፊደል በፊደል ያስተያየዋል እንጂ። ዝርዝሩ ላይ ያለውን ስም ብቻ እንደሚያስገባ የሠርግ አዳራሽ ዘበኛ ነው፤ አክስት ነኝ፣ እናት ነኝ ብትዪው አይሰማም። ለአንቺ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ለእሱ ግን ዩኒኮድ በሚባለው የፊደላት ሠንጠረዥ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው፦ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በአማርኛ ደግሞ ሀ እና ሃም በድምፅ ስለማይለያዩ ነገሩ ይብስበታል።

ምሳሌ ልስጥሽ። ትዕግሥት ገብረመድኅን ኃይሉ የምትባል ልጅ አለች እንበል። ከስሟ ውስጥ ዕ በእ፣ ሥ በስ ሊጻፍ ይችላል፤ ያ ብቻ አራት ነው። ከአባቷ ስም ኅ በህ ወይም በሕ ሊጻፍ ይችላል፣ ሦስት። የአያቷ ስም መጀመሪያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፣ ስድስት። አባዢው፤ 72 አጻጻፍ። በዚህ ላይ «ገብረመድኅን» ተገጥሞ፣ «ገብረ መድኅን» ተነጥሎ ወይም «ገ/መድኅን» ተብሎ በእዝባር ሊጻፍ እንደሚችል ስትጨምሪበት 216 ይደርሳል። እናቷ ከበር ላይ ሆና ብትጠራት ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ፖርታል የሚሠሩ ሰዎች ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲያይ ቢያዙት እኮ ጥቂት መስመር ነበር የሚጨርሰው፤ እስኪያዙት ድረስ ግን እኛው እንጠንቀቅ።

እና ይቺ ትዕግሥት የልብስ ስፌት ሱቅ ልትከፍት የንግድ ምዝገባ ፎርም ትሞላለች። ስሟን ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ እያየች «ትዕግስት ገ/መድህን ሀይሉ» ብላ ጻፈች። ኮዱ መጣ፣ አስገባች፣ ፖርታሉ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» አላት። ምን ማድረግ ነበረባት? የቀበሌ መታወቂያዋን ወደ ቦርሳዋ መልሳ፣ በፋይዳ መተግበሪያ ወይም በቴሌብር ዲጂታል ካርዷን መክፈት። ከፈተች እንበል። እዚያ የተጻፈው «ትእግስት ገብረመድህን ሃይሉ» ነው። እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየነካች ስታስተያይ ሦስት ልዩነት ታገኛለች፦ ዕ እና እ፣ ገ/ እና ገብረ፣ ሀ እና ሃ። ሦስቱን እንደ ካርዱ አድርጋ ጻፈች፣ አለፈላት። የትም ቢሮ አልሄደችም፣ ማንንም አልለመነችም።

አንቺም እንደዚሁ። በልጅነትሽ የተማርሽውን፣ ዲፕሎማሽ ላይ ያለውን፣ የሚያምርሽን አጻጻፍ ለጊዜው እርሺልኝ። ካርዱ ላይ እንዳለ ጻፊ፣ ስህተት ቢመስልሽም። የስልክሽ ኪቦርድ ቃል እየገመተ የሚለውጥ ከሆነ አጥፊው፤ ጽፈሽ ስትጨርሺ «አርሞልሽ» ታገኚዋለሽ። ከመጨረሻው ፊደል በኋላም ባዶ ክፍተት ቀርቶ እንደሆነ ደምስሺ፤ አንቺ አታዪውም፣ እሱ ያየዋል። አንዳንድ ፖርታል ደግሞ ሙሉ ስምሽን ክፍተት እየፈለገ በሦስት ይቆርጠዋል። ስምሽ «ትእግስት ገብረ መድህን ሃይሉ» ተብሎ ከተመዘገበ አባትሽን «ገብረ»፣ አያትሽን «መድህን» አድርጎ ኃይሉን እንግዳ ያደርገዋል። የራስ፣ የአባት፣ የአያት የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ካሉና ስሙ በራሱ ተሞልቶ ከመጣልሽ፣ «ቀጥል» ከማለትሽ በፊት እነሱን ተመልከቺ።

የላቲኑ አጻጻፍ ሌላ ነው። ፋይዳ ስምሽን በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ይመዘግባል፤ ፖርታሉ የሚያመሳክረው ሁለተኛውን ሊሆን ይችላል። እዚያ ደግሞ ሕግ የሚባል ነገር የለም፦ Tigist፣ Tigest፣ Tegest ሁሉም የአንድ ሰው ናቸው፤ Hailu፣ Haylu፣ Hayiluም እንዲሁ። አባቱ Mohammed ልጁ Muhammed የሆነበት ቤት ስንት ነው! በላቲኑ አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፤ ፓስፖርት ካለሽ ፓስፖርቱ ነው የሚመራው። ቪዛሽ፣ የአውሮፕላን ትኬትሽ፣ ዐረብ አገር ሠርተሽ ከነበረ የመኖሪያ ፈቃድሽና የባንክ ደብተርሽ ሁሉ በዚያ አጻጻፍ ነው የተሠራው፤ ያንን ሁሉ ለመቀየር ከምትሮጪ ሌላውን ወደ እሱ ማምጣት ይቀላል። ፓስፖርት ገና ካላወጣሽ ግን በተቃራኒው ነው፤ ከማመልከትሽ በፊት ፋይዳሽ ላይ ያለው ላቲን ዕድሜሽን ሙሉ ልትኖሪበት የምትችዪው አጻጻፍ መሆኑን እዪ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ካርዱ ላይ እንዳለ ጽፈሽ ማለፍ ይበቃል ወይስ ካርዱ ራሱ መታረም አለበት? እዚህ ላይ ጆሮሽን ጠይቂው። ሁለቱን አጻጻፍ ጮክ ብለሽ አንብቢ። ድምፁ አንድ ከሆነ ተዪው፤ ሃይሉም ኃይሉም ያው አያትሽ ናቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ በየፖርታሉ የካርዱን አጻጻፍ ተጠቀሚና ኑሪ። ድምፁ ከተለየ፣ ለምሳሌ «ኃይሉ» «ኃይሌ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ወይም አንድ ፊደል ተዘሎ «ገብረመድን» ከሆነ፣ እሱ ሌላ ሰው ነው፤ ይታረም። ላቲኑም ከፓስፖርትሽ ጋር ካልገጠመ ይታረም። አንድ ፖርታል ስላስቸገረሽ ብቻ ግን ፋይዳሽን ልታስለውጪ እንዳትሄጂ፣ እባክሽ እህቴ። የባንክ ሒሳብሽ፣ ሲም ካርድሽ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርሽ ከዚያ ካርድ ጋር ተያይዘው ሊሆን ይችላል፤ ለአንዱ ብለሽ ስትቀይሪ ሦስቱ ይጣሉሻል። ፖርታሉ ላይ አንቺ ራስሽ ቀድመሽ የከፈትሽው ፕሮፋይል ከሆነ ስምሽን የያዘው፣ የሚስተካከለው እሱ ነው።

እርማት ያስፈልጋል ካልሽ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ይደረግ። የታደሰ መታወቂያሽን፣ የልደት ሰርተፍኬትሽን፣ ፓስፖርት ካለሽ እሱን፣ ዋናውንም ኮፒውንም ይዘሽ ወደ ፋይዳ ምዝገባ ጣቢያ ሂጂ። ልታስገቢው የፈለግሽው አጻጻፍ ከእነዚህ ባንዱ ላይ ልክ እንደዚያው ተጽፎ መገኘት አለበት፤ ሰነዱ ራሱ «ኃይሌ» ካለ መጀመሪያ የሚታረመው ሰነዱ ነው። ጠረጴዛው ጋ ስትደርሺ «ስሜን ልቀይር ነው የመጣሁት» አትበዪ፣ የኔ ቆንጆ። ስም መቀየር የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ እንዲያ ስትዪ ቀጥታ ወደዚያ ይልኩሻል፣ ቀንሽም ያልቃል። «የፊደል እርማት ነው» በዪ፣ ሰነዱንም እዚያው ዘርጊ።

ከሁሉም በላይ ግን ስክሪኑን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ብዙው ስህተት የሚገባው መዝጋቢው «ትዕግሥት ገብረመድኅን ኃይሉ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቅና አንቺ በጆሮሽ ሰምተሽ «አዎ» ስትዪ ነው። ጆሮ ልዩነቱን አይለይም፤ ዓይንሽ ይይ። ፊደሎቹን ስታስጽፊ ደግሞ በአባቶቻችን መጠሪያ ጥሪያቸው፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ወጣቱ መዝጋቢ ካላወቃቸው ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈሽ አሳዪው። ይስቅብሽ፤ ስምሽ በትክክል ይገባል። ላቲኑንም ፊደል በፊደል።

እርማቱ ሲያልቅ ቁጥርሽ ያው ነው፣ አይቀየርም። የሚቀየረው ካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለሆነ ዲጂታል ቅጂውን እንደገና አውርጂ፣ ስልክሽ ውስጥ ያለውን አሮጌ ፎቶና ያተምሽውን ወረቀት አስወግጂ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ወር ከአሮጌው ላይ ትገለብጪና እንደገና ትደውዪልኛለሽ። ባንክሽና ሌሎቹ ቀድመው የያዙት የድሮውን ስም ሊሆን ስለሚችል፣ ፋይዳ የሰጠሻቸውን አስታውሰሽ አንድ በአንድ ጠይቂ።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ «አዲስ ብመዘገብስ?» የሚል ሐሳብ እንዳይመጣብሽ። ፋይዳ ስትመዘገቢ አሥሩንም ጣትሽን፣ ሁለቱን ዓይኖችሽንና ፊትሽን ወስዷል። ሁለተኛ ስትመጪ ጣትሽ ከቀድሞው ጋር ይመሳከርና ምዝገባው ውድቅ ይሆናል፤ የተመዝጋቢው ስም የቱንም ያህል በአዲስ ፊደል ቢጻፍ ጣቱ ያው ጣት ነው። ሁለተኛ፣ ፎርም ለሚሞላልሽ ልጅ ቁጥርሽንም ኮድሽንም አሳልፈሽ አትስጪ። ይጻፍልሽ፣ ምንም አይደል፤ ግን አጠገቡ ቁጭ በዪ፣ ኮዱን ራስሽ አስገቢ፣ ስልክና ኢሜይል በሚለው ሳጥን ውስጥ የራሱን እንዳይጽፍ ተመልከቺ። ጽፎ ከሆነ ሒሳቡ የእሱ ነው፤ የይለፍ ቃል ስትረሺ መልሶ የሚያገኘው እሱ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ያንን ኮድ በስልክ ደውሎ «ላስተካክልልሽ፣ ንገሪኝ» የሚልሽ ሰው ካለ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ቢል እንኳ ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጊበት።

ከቀበሌ «የሁለቱም ስሞች ባለቤት አንድ ሰው ናት» የሚል ደብዳቤ ልታጽፊ አስበሽ ከሆነ፣ አልከለክልሽም፤ ጠረጴዛ ጀርባ ሰው ባለበት ቦታ ይሠራል። ፖርታሉ ግን ደብዳቤ አያነብም፤ ያንን ይዘሽ ስልኩ ፊት ብትቀመጪ ዋጋ የለውም።

ቀነ ገደቡ ነገ ከሆነስ? ያኔ በስልክ መታገሉን ተዪና አገልግሎቱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በጠዋት ሂጂ። ያነሳሽውን ስክሪንሹት፣ የፋይዳ ዲጂታል ካርድሽንና ሌላውን ሰነድሽን ጎን ለጎን አድርጊና ይህን ብቻ በዪ፦ «ቁጥሬ ልክ ነው፣ ኮዱ ይመጣልኛል፤ የማይገጥመው የአያቴ ስም ፊደል ነው፣ ይኸው።» ችግሩን ለይቶ የመጣ ሰው ሲያገኙ ቶሎ ያስተናግዳሉ፤ «ሲስተሙ እምቢ አለኝ» ያለውን ግን «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ይሉታል። ማመልከቻሽን በወቅቱ እንደሞከርሽ የሚያሳየው ያ ቀንና ሰዓት ያለበት ስክሪንሹት ነውና አትደምስሺው። ስልክሽንም ማታ ቻርጅ አድርጊው፤ እዚያ ሆነው እንደገና ሲሞክሩልሽ ኮዱ የሚመጣው ወደ እሱ ነው።